ከአደጋ በኋላ መኪናውን ማስቀረት
(ደብረ ብርሃን ለተሰበሰቡ የተሽከርካሪ ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ባለንብረቶች፣ ውድ አሽከርካሪዎች፣

የጣርማ በርን ጉምና ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን ቁልቁለት ለእናንተ መንገር አይጠበቅብኝም። የመጣሁት አደጋው ካለፈ በኋላ ስለሚፈረም ወረቀት ለመናገር ነው። ኢንሹራንሱ «ጥገናው አያዋጣም፣ መኪናው ሙሉ በሙሉ እንደወደመ ይቆጠራል» ሲል ባለቤቱ ሁለት ምርጫ አለው። ሙሉ ካሳውን ወስዶ የተጎዳውን መኪና ለመድን ድርጅቱ ያስረክባል፤ ወይም መኪናውን አስቀርቶ የቅሪቱ ዋጋ ከካሳው ይቀነስበታል። ሁለቱንም መያዝ አይቻልም። የንግድ ሕጋችን ቁጥር 678 የንብረት መድን የደረሰን ጉዳት የሚክስ እንጂ የሚያተርፍ እንዳልሆነ ይደነግጋል። መኪናውን ለማስቀረት ድርጅቱ መስማማት ያለበት መሆን አለመሆኑን ግን ፖሊሲያችሁ ላይ አንብቡ። ይህ ሁሉ ሙሉ ሽፋን ላለው ነው፤ የሦስተኛ ወገን መድን የራሳችሁን መኪና አይክስም።

በምሳሌ ላስረዳ። በ3,000,000 ብር የተመደነ ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ተገለበጠ እንበል። ከአደጋው በፊት የገበያ ዋጋውም ያው ነበር። ጋራዡ ለጥገናው የ2,400,000 ብር ፕሮፎርማ ሰጠ። ድርጅቱ ቅሪቱን 900,000 ብር ገመተው፤ በውሉ መሠረት ባለቤቱ ራሱ የሚሸፍነው 50,000 ብር ነው። መኪናውን ካስረከበ 2,950,000 ብር ይቀበላል። ካስቀረው ግን 2,050,000 ብር ብቻ ነው የሚደርሰው። በፕሮፎርማው ዋጋ ካስጠገነ ከኪሱ 350,000 ብር ይጨምራል። የጥገናው 2,400,000 ብርና ከካሳው የተቀነሰበት 900,000 ብር ሲደመሩ መኪናው 3,300,000 ብር አወጣበት ማለት ነው፤ ለዚያውም የተገለበጠ መኪና ሲሸጥ ገዢው ዋጋውን ይሰብራል።

ባገለገለ ዕቃ በ1,600,000 ብር የሚያስጠግን ሰው ካለ ሒሳቡ ይለወጣል፤ ጠቅላላው 2,500,000 ብር ይሆናል። ነገር ግን አካሉ ሳይፈታ የተሰጠ ግምት አይታመንም። ከላሜራው በታች ያለው ጉዳት የሚታወቀው ሲፈታ ነው። ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት ሻንሲውን አስለኩ። ከፊት ግራ እስከ ኋላ ቀኝ፣ ከፊት ቀኝ እስከ ኋላ ግራ ተለክቶ ሁለቱ ሰያፍ ርቀቶች ካልተመጣጠኑ ሻንሲው ጠሟል። እንዲህ ያለ መኪና ቀለሙ ቢያምርም መሪው ወደ አንድ ጎን ይስባል፤ ጎማውን ባንድ ወገን ይበላል፤ በሩም አልገጥም ይላል። እኔ ብሆን ሻንሲው የጠመመ መኪና አላስቀርም።

እስካሁን እንዳያችሁት ሁሉም የሚዞረው በ900,000 ብሩ ላይ ነው። ቅሪቱ 500,000 ብር ቢባል ኖሮ ካሳው በ400,000 ብር ይጨምር ነበር። እንግዲህ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ጠይቁ፤ የባለሙያ ግምት ነው ወይስ የጨረታ ዋጋ? በጽሑፍ ይሰጣችሁ። እናንተም የተጎዳ መኪና ከሚገዙ ሰዎች ዋጋ አምጡ። ይህን ሁሉ የካሳ መቀበያና ማሰናበቻ ሰነዱ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት አድርጉ፤ ከፈረማችሁ በኋላ ለመከራከር በጣም ይከብዳል። መኪናው የባንክ ብድር ካለበት ደግሞ ካሳው ቅድሚያ ለባንኩ ነው፤ ያለ ባንኩ ስምምነት ማስቀረት አይታሰብ።

ከጥገና በኋላ ወረቀቱ ይቀጥላል። ሞተር ከተቀየረ አዲሱ ቁጥር ሊብሬው ላይ መስፈር አለበት፤ ለዚህም የሞተሩን ሕጋዊ ምንጭ የሚያሳይ ደረሰኝና የጉምሩክ ሰነድ ከሻጩ ተቀበሉ። ቀለም ከተቀየረም አስመዝግቡ። ከሁሉ የሚከፋው የሻንሲ ቁጥር ያለበትን ቦታ መቁረጥ ወይም መበየድ ነው። መርማሪው ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ሲያስተያይ የተነካካ ካገኘ ጉዳዩ ከጋራዥ ወጥቶ ወደ ፖሊስ ይሄዳል። ቦታው የግድ የሚነካ ከሆነ ሥራው ሳይጀመር መንገድ ትራንስፖርት ጠይቁ። የቴክኒክ ምርመራ ሳያልፍ፣ ቦሎና የሚጸና የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው ወደ መንገድ አታውጡት። ሙሉ ካሳ የተከፈለበት ፖሊሲ እዚያው ያበቃል።

ላስረክብ ያላችሁም አንድ ነገር አለባችሁ። ቁልፉንና ሊብሬውን ሰጥታችሁ አትሂዱ፤ ርክክቡ በቀን፣ በሻንሲና በሞተር ቁጥር ተጽፎ ይፈረም። የስም ዝውውሩን እስከ መጨረሻው ተከታተሉ። መኪናውን በጨረታ የገዛው ሰው ጠግኖ በእናንተ ስም ሲነዳ ሰው ቢጎዳ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መሠረት ለተሽከርካሪ ጉዳት ኃላፊው ባለቤቱ ስለሆነ መጀመሪያ የሚፈለገው መዝገቡ ላይ ያለው ስም ነው። መኪናው ለዕቃ ሊፈታ ከሆነ ደግሞ ሰሌዳው ተመላሽ ተደርጎ ምዝገባው መሰረዙን የሚያሳይ ማስረጃ በእጃችሁ ይኑር።

አመሰግናለሁ።