«ከበዓል በኋላ እመለሳለሁ» ማለት መቼ ነው?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ከሐዋሳ ነኝ፣ ብቻዬን። የማወራችሁ ፈቃድ ስንወጣ ኢሜይላችን በራሱ ስለሚልከው መልስ ነው። «ለጊዜው ቢሮ የለሁም፣ ስመለስ አገኝዎታለሁ» የሚለውን ማለቴ ነው።

እሺ፣ መቼ ነው የምትመለሰው? እኛ ከተማ ይሄ ጥያቄ ይብሳል። «ከፍቼ በኋላ» ብሎ የሚጽፍ ሰው አለ። የፍቼ ጨምበላላ ቀን በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ አዋቂዎች ኮከብ አይተው ነው የሚወስኑት። ውጭ አገር ያለው ደንበኛ ከየት ያምጣው?

የ2018ን ጥምቀት እንውሰድ። በዓሉ ሰኞ ጥር 11 ነበር። አንዷ ማክሰኞንና ረቡዕን ጨምራ ፈቃድ ወሰደች እንበል። እኔ ብሆን «ሐሙስ ጥር 14፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 22፣ ሥራ እገባለሁ» ብዬ እጽፋለሁ። ሁለቱም ቀን ይግባ፣ የሳምንቱም ቀን ይግባ። ቁጥሩን ብሳሳት እንኳ «ሐሙስ» የሚለው ያጋልጠኛል። «እስከ ጥር 13» ብቻ ካልኩ ግን 13 ላይ ልገኝ ነው ወይስ አልገኝም? አንባቢው ይገምታል።

ጂሜይል ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። `Last day` የሚለው ቦታ የምትመለሱበት ቀን አይደለም። መልሱ በዚያ ቀን እስከ እኩለ ሌሊት ይሠራል። ስለዚህ እዚያ የሚሞላው ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 21 ነው። ሐሙስን ከሞላችሁ ወንበራችሁ ላይ ቁጭ ብላችሁ «የለሁም» ትላላችሁ። ባዶ ከተዋችሁት ደግሞ ራሳችሁ እስክታጠፉት ድረስ ይቀጥላል።

አሁን ወደ ተተኪው። «ለአስቸኳይ ጉዳይ ባልደረቦቼን ያነጋግሩ» ማለት ማንንም አለመጥራት ነው። እኔ የምወደው እንዲህ ያለውን ነው፦ «ጭነትን የሚመለከት ከሆነ ለእከሊት በዚህ ኢሜይል ይጻፉ፤ ሰነድ ማስተካከል ትችላለች። የዋጋ ጉዳይ ግን እስክመለስ ይቆያል።» ያቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ብዙ ታድናለች። ደንበኛው እከሊትን ስለ ዋጋ አያደርቃትም፣ እሷም የማትችለውን ቃል አትገባም።

እከሊት ራሷ መጠየቅ አለባት፣ ይሄ ግልጽ ነው። ግን «እሺ» ማለቷ አይበቃም። እሷስ በዚያ ሳምንት አለች ወይ? የጥምቀት ሰሞን ግማሹ ቢሮ ይወጣል። የኔ መልስ ወደ እሷ ይልካል፣ የእሷ መልስ ደግሞ ወደ እኔ። ደንበኛው በሁለታችን መሀል ኳስ ይሆናል፤ እኛ አናውቅም፣ ምክንያቱም ሁለታችንም ኢሜይል አንከፍትም። ስለዚህ እኔ ጽሑፌን ከማብራቴ በፊት የእሷን የፈቃድ ቀን አያለሁ። ከተደራረበ ሦስተኛ ሰው እፈልጋለሁ። ሰው ከጠፋ ደግሞ «ሐሙስ ጥር 14 እስክመለስ ድረስ ምላሽ የሚሰጥ የለም» ብዬ እጽፋለሁ። ደንበኛው ቢከፋውም ቢያንስ ቀኑን ያውቃል።