ጣቢያውን ዘንድሮ እንሥራ ወይስ ከርሞ?

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን አደራችሁ?

የመጣሁት ልትሠሩት ስላሰባችሁት የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ላወራችሁ ነው። ያጓጓችሁ ዋጋው እንደሆነ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ኒውዮርክ ገበያ አንድ ፓውንድ አረቢካ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ግን 1 ዶላር እንኳ ያልሞላበት ጊዜ ነበር። ከርሞ ስንት እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ቢኖር እዚህ ከእኛ ጋር አግዳሚ ላይ አይቀመጥም።

እስኪ በብር እናስላው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የወሰድኳቸው ናቸው። ጣቢያው 9 ሚሊዮን ይፈጃል እንበል። ዘንድሮ ከሠራነው የመጀመሪያው ምርት 1.5 ሚሊዮን ያተርፋል። ከርሞ ዋጋው ከጠነከረ፣ ጣቢያው ከዚያ በኋላ የሚያስገኘው ሁሉ ተደምሮ 15 ሚሊዮን ያወጣል። ከወደቀ 6 ሚሊዮን ብቻ። ዕድሉ እኩል በእኩል ይሁን። መካከለኛው 10.5 ነው። የከርሞ ገንዘብ ስለሆነ በ20 በመቶ ወለድ ወደ ዛሬ ስናመጣው 8.75 ይሆናል። 1.5ን ጨምሩ፣ 9ን ቀንሱ። 1.25 ሚሊዮን ተረፈን።

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን?» ትሉኝ ይሆናል። አንድ ዓመት ብንታገስስ? ዋጋው ከወደቀ አንሠራም፤ ብራችን ባንክ ነው። ከጠነከረ በ9 ሚሊዮን 15 እናገኛለን፣ ትርፉ 6 ነው። ግማሽ ዕድል ስለሆነ 3፣ ወደ ዛሬ ሲመጣ 2.5 ሚሊዮን። የዘንድሮን ምርት ትርፍ አጥተንም እንኳ መጠበቁ እጥፍ ይሆናል።

ይህ የሚሆነው ሲሚንቶው ስለማይመለስ ነው። መፈልፈያ ማሽኑን ሌላ ማኅበር ሊገዛን ይችላል። የማብላያ ገንዳውንና የውኃ ቦዩን ግን ማን ነቅሎ ይወስዳል? ጣቢያው ከርሞ እንዳለ በ9 ሚሊዮን የሚሸጥ ቢሆን ኖሮ ዘንድሮ መሥራቱም 2.5 ሚሊዮን ያስገኝ፣ ከመጠበቁ ጋር እኩል ይሆን ነበር።

አሁን ደግሞ ከራሴ ጋር ልከራከር። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ምን እንደሆነ አይታችኋል። ጣቢያው ከርሞ 12 ሚሊዮን ከፈጀ፣ በደጉ ዓመት የምናተርፈው 3 ብቻ ነው። ግማሹ 1.5፣ ወደ ዛሬ ሲመጣ 1.25። ከዘንድሮው ጋር እኩል መጣ! ከ12 በላይ ከሄደ መጠበቅ ኪሳራ ነው። ስለዚህ የቡናውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የብረቱንም ጠይቁ።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። የመሬቱንና የውኃውን ፈቃድ ዘንድሮ እንጨርስ፤ ወጪው ትንሽ ነው። የማድረቂያ አልጋም እንሥራ፤ እንጨትና ሽቦ ነው። ዘንድሮ ቡናውን በጀንፈል እናድርቅ፤ አልጋው በኋላ ለታጠበውም ያገለግላል። ማሽን ሻጩ ዋጋውን ለአንድ ዓመት በጽሑፍ ያስርልን እንደሆነም እንጠይቅ። ለዚያ 200 ሺህ ብር ቢጠይቀን እንክፈል እላለሁ። የገንዳው ቁፋሮ ግን ጥር ላይ፣ ለቀማው አልቆ ዋጋውን ካየን በኋላ በድምፅ ይወሰን።