28 ሰከንድ፣ ግን ኮመጠጠ

እሺ። ድምፄ ይሰማል? ይሰማል መሰለኝ። ከኋላ የሚያጉረመርሙት የኤስፕሬሶ ማሽኔ እትዬ ናቸው፣ ገና እየሞቁ ነው። ለማሽን አንቱ ይባላል ወይ ብላችሁ ለጻፋችሁልኝ፣ አዎ፣ ይባላል። እሳቸው ካልፈለጉ እኔ ቡና አልጠጣም።

ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራ ነበር። ተውኩት። የቅዳሜዋ ስኒ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ቁጥሩ ሁሉ ልክ ነበር። 18 ግራም የተፈጨ ቡና አስገባሁ፣ ስኒው ላይ 36 ግራም ወጣ፣ 28 ሰከንድ ፈጀ። ሦስት ሳምንት የለፋሁት ለዚህ ቁጥር ነው። ስኒውን ለእህቴ ሰጠኋት። ቀመሰች። ምንም አላለችም። ቀስ አድርጋ አስቀመጠችውና ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረች።

ስለ ዝናቡ!

የመጀመሪያው ቀን ቢያንስ ሰድባኛለች። «አንተ፣ ይሄ ቡና ነው ኮምጣጤ?» ነው ያለችው። ያን ቀን እሷም ልክ ነበረች። ቁልፉን ስጫን ገርጣ ያለ ቢጫ ነገር እንደተከፈተ ቧንቧ ተንዠቀዠቀ። 36 ግራሙ በ11 ሰከንድ ሞላ። ውሃው ቡናው ውስጥ ገብቶ ሳይሆን በአጠገቡ አልፎ የመጣ ነው የሚመስለው። ከቡና ውስጥ ቶሎ የሚሟሟው ደግሞ ኮምጣጣው ነው። ጣፋጩ ዘግየት ይላል፣ መራራው ከሱም በኋላ ነው። 11 ሰከንድ ላይ ስታቆሙት የቀረላችሁ መጀመሪያ የወጣው ብቻ ነው።

እኔ ታዲያ መፍትሔው ምን መሰለኝ? ጉልበት።

የተፈጨውን ቡና ወንፊቱ ውስጥ የምጠቀጥቅበትን መጠቅጠቂያ ይዤ ሙሉ ክብደቴን ጫንኩበት። ጠረጴዛው ጮኸ። አንጓዬን ሁለት ቀን አመመኝ። ውጤቱ? 12 ሰከንድ። አንድ ሰከንድ አተረፍኩ! ኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ሳቄ መጣ። ውሃው በ9 ባር ገደማ ግፊት ነው የሚመጣው። የኔ ወንፊት ስፋቱ 58 ሚሊ ሜትር ነው፣ በዚያች ክብ ላይ ሲሰላ ከ200 ኪሎ በላይ ግፊት ነው። እኔ ማን ነኝና ነው? ስትጠቀጥቁ በዱቄቱ መሃል ያለው አየር ወጥቶ ቡናው አልወርድም ያለ ጊዜ ሥራው አልቋል። ከዚያ በላይ ያለው ስፖርት ነው።

ከዚያ ቡናውን ጨመርኩ፣ 20 ግራም። 14 ሰከንድ ሆነ። ግን ወንፊቱን የያዘውን እጀታ ሳወጣው ቡናው ላይ ከላይ ውሃውን የሚረጨው የማሽኑ ወንፊት ብሎን ቁልጭ ብሎ ታትሟል። ማለትም ቡናው ሲያብጥ ቦታ አጥቶ ማሽኑን ነክቷል። ወንፊቱ የተሠራው ለ18 ነው፣ ወደ 18 መለስኩት። ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም። እውነቱን ለመናገር ትልቁ ትምህርት ይሄ ሳይሆን አይቀርም፣ አንዱን ቸንክሮ ሌላውን መቀየር። ሁለቱን አንድ ላይ ከነካካሁ የትኛው እንደሠራ በምን አውቃለሁ?

ችግሩ ያለው ለካ መፍጫው ላይ ነው። ቡናዬ ሻካራ ነበር። በዱቄቱ መሃል ያለው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ውሃው ሳይቸገር ያልፋል። ሁለት እርከን ወደ ልም አዞርኩት፣ 15 ሰከንድ። ተናደድኩ። ለዚህ ነው እንዴ? ሳላዞረው ደገምኩት፣ 19 ሆነ። ምን ተፈጠረ? መፍጫው ውስጥ የድሮው ሻካራ ቡና ቀርቶ ኖሯል። የመጀመሪያው ስኒ የአሮጌውና የአዲሱ ድብልቅ ነው። አሁን እርከን በቀየርኩ ቁጥር ጥቂት ግራም ፈጭቼ እደፋለሁ። ልቤ እየደማ ነው የምደፋው፣ ግን እደፋለሁ። ደግሞ ወደ ልም ስታዞሩ መፍጫው እየሠራ ይሁን። ቆሞ ሳለ ካዞራችሁት በምላጮቹ መሃል የቀረው ፍሬ ሊያስቸግር ይችላል።

አንድ እርከን ጨመርኩ፣ 24። ግማሽ ጨመርኩ፣ 28።

እና ጨፈርኩ። ብቻዬን፣ በካልሲ። ያ ዓርብ ማታ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እህቴ መጣች። ስለ ዝናቡ አወራችኝ።

እስቲ ያችን ደቂቃ ልመልሳት። ቡናውን ፈጨሁ፣ ወንፊቱ ላይ መሃሉ ላይ ተከመረ። መታ መታ አደረግሁት። ጠቀጠቅሁት። የክርኔ ነገር ትዝ ይለኛል፣ ወደ ውጭ ወጥቶ ነበር። እያወራኋት ስለነበር እጄን አላየሁትም። ቁልፉን ተጫንኩ፣ ሰዓቱን ጀመርኩ። እኔ የምቆጥረው ፓምፑ ከተነሣበት ነው፣ የመጀመሪያው ጠብታ ሲታይ አይደለም። እሱን ሁሌም አንድ ዓይነት ማድረግ ነው። ከእጀታው ሥር ካሉት ሁለት ማፍሰሻ ቀዳዳዎች የግራው ቀድሞ መፍሰስ ጀመረ። ቀኙ ዝም። ከዚያ እሱም መጣ። ወደ መጨረሻው ላይ ግራው በአንዴ ገረጣ፣ ትር ትር አለ። እኔ ግን ዓይኔ ሰዓቱ ላይ ነው። 28! ድል!

እሷ ከሄደች በኋላ እጀታውን ከፈትኩት። የቡናው ግራ ጠርዝ ላይ፣ ከወንፊቱ ግድግዳ አጠገብ፣ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ጉድጓድ ነበረች። በዚያ በኩል ቡናው ዝቅ፣ በዚህ በኩል ከፍ ያለ ነው። ዘመም ብሎ ነው የተጠቀጠቀው።

ገባችሁ? ውሃ ሰነፍ ነው፣ የሳሳውን ፈልጎ በዚያ ይሄዳል። በዚያች ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ቡና ታጥቦ ታጥቦ እስኪመርር ወጥቷል። የቀረው ግን ገና አልተነካም፣ ኮምጣጣ ነው። ሁለቱ ተደባልቀው 36 ግራም ሞሉ። ሰዓቱ ይህን አያውቅም። እንዲያውም፣ ይሄ ነው የሚያበግነኝ፣ ዓርብ ማታ ያንን 28 ያገኘሁትም ተንጋዶ ይሆናል። ውሃው በጎን እያመለጠ እኔ ቡናውን እያላምኩ ሰዓቱን አስተካከልኩት ማለት ነው። የዓርቡን ደግሞ አልቀመስኩትም። ስጨፍር ቀዘቀዘ።

አሁን ከመጠቅጠቄ በፊት የተጓጎለውን ቡና በቀጭን መርፌ እበትነዋለሁ፣ እስከ ታች። ከዚያ ክርኔን ከእጀታው በላይ አድርጌ፣ አንጓዬን ቀጥ አድርጌ እጫናለሁ። ስጨርስ ዝቅ ብዬ የቡናውን ጠርዝ ከወንፊቱ አፍ ጋር አስተያያለሁ፣ ዙሪያውን እኩል ካልሆነ ደፍቼ እንደገና። ትናንት እንደዚያ ሠራሁ። 33 ሰከንድ ሆነ! ቀዳዳ ስለሌለ ውሃው መንገድ አጣ ማለት ነው። መፍጫውን ግማሽ እርከን ወደ ሻካራ መለስኩት፣ 29 መጣ። ጣፈጠ። ጣፈጠ መሰለኝ። ብቻዬን ስለሆንኩ እርግጠኛ አይደለሁም፣ ደክሞኝም ነበር።

ከሁለቱ ማፍሰሻ ቀዳዳ አንዱ መቅደሙ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ እሱንም ልንገራችሁ። እትዬ የተቀመጡበት ጠረጴዛ ራሱ ዘመም ያለ ሊሆን ይችላል። አልለካሁትም። ልለካው እያልኩ...

እህቴ ደግሞ ነገ ትመጣለች። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ከረጢቱ ውስጥ የቀረኝ ቡና 40 ግራም ገደማ ነው። ሁለት ስኒ፣ የምደፋው ሳይቆጠር። አዲስ ከረጢት ብከፍት ሌላ ቡና ነው፣ ሌላ አቆላል፣ መፍጫው እንደገና ከዜሮ። ለሷ የቀረውን ልስጣት ወይስ... ቆይ፣ መብራቱ በራ። ሞቁ እኮ። እስቲ ቆዩኝ፣ አንድ ልሞክርና...