የቲፕ ሣጥን በተሠራ ሰዓት ይከፈል
በጅማ ከተማ ለምግብ ቤት ባለቤቶችና ሠራተኞች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የምግብ ቤትና የካፌ ባለቤቶች፣ የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣

በማውቃቸው የከተማችን ቤቶች ደንበኛ የሚተወው ቲፕ አንድ ሣጥን ውስጥ ይጠራቀምና ማታ በሰው ቁጥር እኩል ይከፈላል። አሠራሩ ለቆጣሪው ቀላል ነው፤ ነገር ግን ጠዋት በር ከፍታ ወለል ወልውላ ማታ ወንበር የምትሰበስበውን እህታችንን ለምሳ ሰዓት ብቻ ከሚመጣው ረዳት ጋር አንድ ያደርጋታል። ዛሬ የምጠይቃችሁ ክፍፍሉ በተሠራ ሰዓት እንዲሆን ነው።

አንድ ቅዳሜን እንውሰድ። ሣጥኑ ሲቆጠር 1,745 ብር ተገኘ እንበል። የዕለቱ ሠራተኞች ስድስት ናቸው፤ አንዷ 10 ሰዓት፣ ሦስቱ እያንዳንዳቸው 8 ሰዓት፣ አንዱ 5 ሰዓት፣ የምሳ ረዳቱ ደግሞ 3 ሰዓት ሠርተዋል፤ ሲደመር 42 ሰዓት ነው። እኩል ቢካፈል ለእያንዳንዱ 290 ብር ከሳንቲም ይደርሰዋል። ይህም ረዳቱ ለሠራበት ለእያንዳንዱ ሰዓት 97 ብር ገደማ ሲያገኝ፣ 10 ሰዓት በእግሯ ቆማ የዋለችው ግን 29 ብር ብቻ አገኘች ማለት ነው።

በሰዓት ስናሰላው 1,745 ብር ለ42 ሲካፈል የአንድ ሰዓት ድርሻ 41 ብር ከ55 ሳንቲም ገደማ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ጭቅጭቅ የሚነሣው እዚሁ ላይ ነው፤ ቆጣሪው ለጋስ ሆኖ ወደ 42 ብር ካጠጋጋው 1,764 ብር መክፈል ሊኖርበት ነው፤ 19 ብር ይጎድላል፤ መጨረሻ ላይ የተሰለፈው ሰው ይጎዳል። ስለዚህ ምንጊዜም ወደ ታች አጠጋግተን 41 ብር እንያዝ። ለ10 ሰዓት 410፣ ለ8 ሰዓት 328፣ ለ5 ሰዓት 205፣ ለ3 ሰዓት 123 ብር ይደርሳል። የተረፈው 23 ብር መዝገብ ላይ ተጽፎ ወደሚቀጥለው ሣጥን ይዛወራል እንጂ በማንም ኪስ አይገባም።

ስሌቱ ትክክል የሚሆነው ሰዓቱ በትክክል ከተመዘገበ ነው። የፈረቃ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ሰዓት የታቀደ እንጂ የተሠራ አይደለም፤ ስለሆነም እያንዳንዱ ሲገባና ሲወጣ በራሱ እጅ ጽፎ ይፈርም፤ በግማሽ ሰዓት ማጠጋጋትም ይበቃል። ደንበኛ ከመግባቱ በፊት ሽንኩርት የተከተፈበትና ጀበና የታጠበበት፣ ቤቱ ከተዘጋም በኋላ እቃ የታጠበበት ጊዜ መቆጠር አለበት። ከሚያስተናግደው ይልቅ ጓዳ ያለው ሠራተኛ የሚበደለው እነዚህ ሰዓታት ሲዘለሉ ነው።

ሣጥኑ በየቀኑ ይከፈል ወይስ በየሳምንቱ የሚለው ከዚህ የከበደ ጥያቄ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሚመረቁበት ቀን ቤቱ ይሞላል፤ በረመዳን ደግሞ ቀኑ ጭር ብሎ ከማፍጠሪያ በኋላ ይደምቃል። ከላይ ያየነው ቅዳሜ በሰዓት 41 ብር ሲያስገኝ፣ በ42 ሰዓት 420 ብር ብቻ የተሰበሰበበት ማክሰኞ የሚያስገኘው 10 ብር ነው። ሁለቱ ቀናት ቢደመሩ 2,165 ብር ለ84 ሰዓት፣ ማለትም በሰዓት 25 ብር ከሳንቲም ይሆናል። የቅዳሜው ሰው እኔ ነኝ የተሯሯጥኩት ቢል እውነት አለው። የማክሰኞዋ ሠራተኛ ግን ቀኑን የመረጠችው እርሷ አይደለችም፤ የመደባት አለቃዋ ነው። በእኔ እምነት ፈረቃ በሚዞርበት ቤት በየቀኑ ማካፈል ይሻላል፤ ምደባው በማይቀየርበት ቤት ግን የሳምንቱ ተደምሮ መካፈል አለበት።

ዛሬ ብዙ ደንበኛ ቲፕ በቴሌብር ለአስተናጋጁ ስልክ ይልካል። ይህ ገንዘብ በዕለቱ ከሣጥኑ ጋር ካልተደመረ፣ በሰዓት የሚከፈለው የተረፈው ብቻ ይሆናል። ምልክቱም ግልጽ ነው፤ የቤቱ ሽያጭ ሳይቀንስ ሣጥኑ ከሳምንት ሳምንት እየሳሳ ይሄዳል። ለቤቱ አንድ የጋራ ቁጥር ጠረጴዛ ላይ ቢለጠፍ፣ ቆጠራውም አንድ ከጓዳ፣ አንድ ከመስተንግዶ በተመረጡ ሁለት ሰዎች ፊት ቢደረግ ጥርጣሬው ይቀንሳል።

ለባለቤቶች አንድ ነገር ልጨምር። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 53 መሠረት ከደንበኞች የሚገኝ የአገልግሎት ክፍያ ደመወዝ አይደለም። ስለዚህ ቲፕ አለህ ተብሎ ደመወዝ ሊቀነስ አይገባም፤ የተሰበረ ብርጭቆም ሆነ ሳይከፈል የቀረ ሂሳብ ከሣጥኑ ሊወራረድ አይገባም። ባለቤቱም ቀኑን ሙሉ ቤቱ ውስጥ ቢውል እንኳ ሰዓቱ ከ42ቱ ጋር አይደመርም።

በሳምንት የምታካፍሉ ቤቶች፣ ሠራተኛ በሳምንቱ መሐል ሥራ ቢለቅ እስከወጣበት ቀን በተሰበሰበው ገንዘብና በተሠራው ሰዓት ተሰልቶ ድርሻው በዚያው ዕለት ይሰጠው፤ የቀሪዎቹም ስሌት ከማግሥቱ አዲስ ይጀምር።

አመሰግናለሁ።