የሰኔው ሪያል በሰኔ ዋጋ

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ከሪያድና ከዱባይ በስልክ የምትከታተሉንም እንደምን ናችሁ።

ዛሬ የማወራው ስለዚህ የመዋጮ ዳሽቦርድ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ያለው አባል በብር ያዋጣል፣ ሪያድ ያለው በሪያል፣ ዱባይ ያለችው በድርሃም። ዳሽቦርዱ ሁሉንም ወደ ብር መልሶ ያሳያል። መጀመሪያ ስሠራው ግን ተሳስቻለሁ። የድሮውንም የአዲሱንም ሪያል፣ ዳሽቦርዱ በተከፈተበት ቀን ተመን እንዲያባዛ አድርጌው ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ስህተቱ ፈጦ ወጣ። ለሂሳብ እንዲቀል በደፈናው ላስላው። ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ስለሆነ፣ ዶላር በብር ሲወደድ እሱም አብሮ ይወደዳል። ሰኔ ላይ ዶላር በ57 ብር ሲመነዘር አንድ ወንድማችን የላከው 1,000 ሪያል 15,200 ብር ሆኖ ባንክ ገባ፤ ሲሚንቶ ተገዛበት፣ አለቀ። ከወራት በኋላ ዶላሩ 114 ብር ሲገባ ዳሽቦርዱ ያንኑ የሰኔ ገንዘብ 30,400 ብር ብሎ ቁጭ። አንዲት እናት «ልጄ፣ ሌላው 15,200 የት ገባ?» አሉኝ። የትም አልገባም፤ ቀድሞውንም አልነበረም። በብር ያዋጣችሁት ደግሞ ድርሻችሁ ያነሰ መሰለ፣ አንድም ብር ሳትቀንሱ። ይሄ በጣም ነው ያሳዘነኝ።

ያለፈ ወር ቁጥር ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ ከሆነ፣ እንዲህ ያለ ስህተት አለ ማለት ነው።

አሁን እያንዳንዱ መዋጮ በመጣበት ገንዘብ ይመዘገባል፣ ከጎኑ ቀኑና ባንኩ የመነዘረበት ተመን ይጻፋል። ያ ተመን ከዚያ በኋላ አይነካም። የሰኔው ሪያል በሰኔ ዋጋ ይቀራል። ገና ያልተመነዘረ፣ እዚያው ሪያድ በአባላት እጅ ያለ ገንዘብ ግን በዛሬ ተመን ይታያል፣ ለብቻው፣ «ግምት» ተብሎ። ለዚህ የምንወስደው የባንካችንን የመግዣ ተመን ነው፤ መሸጫውን አይደለም፣ ባንኩ ከኛ ሪያል ገዢ ነውና። እሁድና በዓል ሲሆን የመጨረሻው የሥራ ቀን ተመን ይያዛል።

አንድ ነገር ይቀራል። የሪያድ አባላት መዋጮ ከአምና ዘንድሮ ጨመረ ወይስ አልጨመረም? ይህን በብር ካየነው የምንዛሪው ለውጥ ያሳስተናል፣ ሰው ያው 1,000 ሪያል እየላከ እጥፍ ያዋጣ ይመስላል። ስለዚህ ለንጽጽር ሁለቱንም ዓመት በአንድ ተመን የሚያሰላ ሌላ ገጽ ሠርቻለሁ። ተመኑም ከላይ ተጽፏል። እዚያ ገጽ ላይ ያለው ድምር ከባንክ ደብተራችን ጋር አይገጥምም፣ እንዲገጥምም አትጠብቁ።

ተመናቸው ያልተገኘ የድሮ መዋጮዎች ኮከብ ተደርጎባቸዋል። የባንክ ደረሰኝ ያላችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፣ በደረሰኙ አስተካክላቸዋለሁ።