የ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ጭማሪ በፋራናይት 18 እንጂ 50 አይደለም
(በጅማ በማሽን ቡና ለሚቆሉ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ ቡና ቆዪዎችና የቡና ነጋዴዎች፣ እንደምን አደራችሁ!

ዛሬ የምናነሳው አንድ ስሌት ነው። የመቁያ ማሽን አንዳንዱ በሴልሺየስ፣ አንዳንዱ በፋራናይት ያነባል። ከገዢ የሚመጣው የአቆላል መመሪያም እንዲሁ። መመሪያው በሴልሺየስ ተጽፎ ማሽኑ በፋራናይት ሲያነብ ስህተቱ እዚያ ይጀምራል።

መመሪያው «180 ላይ ስትደርሱ እሳቱን ቀንሱ፤ በቀጣዩ ደቂቃ 10 ዲግሪ ብቻ ይጨምር» ይላል እንበል። ቆዪው ስልኩን ያወጣና 10 ሴልሺየስ ስንት ፋራናይት እንደሆነ ይጠይቃል። ስልኩ 50 ይለዋል። መልሱ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው ጥያቄው ነው። ስልኩ የነገረን ቴርሞሜትር 10 ሴልሺየስ ሲያነብ በፋራናይት ስንት እንደሚያነብ ነው። እኛ የምንፈልገው ግን ሙቀቱ ምን ያህል እንደጨመረ ነው።

ሁለቱን ንባቦች ለየብቻ እንቀይራቸው። ንባብ የሚቀየረው በ1.8 አባዝቶ 32 በመደመር ነው። 180 ሴልሺየስ በ1.8 ሲባዛ 324 ይሆናል፤ 32 ሲደመርበት 356። 190 ደግሞ በ1.8 ሲባዛ 342፣ 32 ሲደመርበት 374። ከ374 ላይ 356 ሲቀነስ 18 ይቀራል። 32ቷ በሁለቱም ንባቦች ውስጥ ስላለች ስንቀንስ ተጣፋች፤ የቀረው 10 በ1.8 ሲባዛ ብቻ ነው። ከ20 ወደ 30፣ ወይም ከ200 ወደ 210 ብትሞክሩትም ያው 18 ነው።

ይህች 32 ከየት መጣች? ሴልሺየስ በረዶ የሚቀልጥበትን ነጥብ 0 ሲለው ፋራናይት 32 ይለዋል። የመነሻ ልዩነት ናት። የእኛና የፈረንጅ ሰዓት አቆጣጠርም መነሻው ይለያያል። ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን በፈረንጅ 8 ነው፤ ሥራው ሦስት ሰዓት ፈጀ ስንል ግን ስድስት ጨምሮ «በፈረንጅ ዘጠኝ ሰዓት ፈጀ» የሚል የለም። ቆይታ ላይ መነሻ አይደመርም። ሙቀት ላይ የሚለየው የዲግሪው መጠንም አንድ አለመሆኑ ነው፦ በባሕር ጠለል በረዶ ከሚቀልጥበት ውሃ እስከሚፈላበት ድረስ ሴልሺየስ 100 ቦታ ሲከፍለው፣ ፋራናይት ከ32 እስከ 212 ድረስ 180 ቦታ ይከፍለዋል። 1.8 የመጣችው ከዚህ ነው።

አሁን ስህተቱ ቡናው ላይ የሚያደርሰውን እንይ። 356 ላይ 50 የደመረ ቆዪ በአንድ ደቂቃ 406 ለመድረስ ይሞክራል፤ ይህም ወደ 208 ሴልሺየስ ነው። መለኪያው በተተከለበት ቦታ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ቢልም፣ ቡና መጀመሪያ የሚንጣጣው በ196 ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ስለዚህ መመሪያው ወደ መንጣጣቱ በቀስታ እንድትቀርቡ ሲያዝ፣ እናንተ እሳት ጨምራችሁ ታልፉታላችሁ። እሳቱ ሲበረታ የፍሬው ውጪ ቀድሞ ይጠቁራል፤ ውስጡ እኩል አይበስልም።

ስህተቱን የምትይዙበት ቀላል መንገድ አለ። በዚያው ስሌት ዜሮን ቀይሩ። «ምንም አልጨመረም» የሚለው «32 ጨመረ» ይሆንባችኋል፤ ሙቀቱ ሳይነቃነቅ ማለት ነው። በተገላቢጦሹ ደግሞ የ18 ፋራናይትን ጭማሪ ስልክ ላይ ብትቀይሩት ከዜሮ በታች 7.8 ይላችኋል። እየሞቀ ያለ ቡና ቀዘቀዘ ሊባል ነው! ከፋራናይት ወደ ሴልሺየስ ጭማሪን ስትቀይሩ ለ1.8 አካፍሉ፤ 32 አትንኩ። በቃል መያዝ ለሚፈልግ፣ የ5 ሴልሺየስ ጭማሪ የ9 ፋራናይት ጭማሪ ነው።

ቴርሞሜትር ስትገዙም ይኸው ነው። «2 ሴልሺየስ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል» የተባለ መሣሪያ በፋራናይት የሚስተው 3.6 ነው፤ 35.6 የሚስት መሣሪያ ማን ይገዛል?

በመጨረሻ፣ መሣሪያችሁን በፈላ ውሃ ስትፈትሹ ይህን ያዙ። ጅማ ከፍታ ላይ ስላለች እዚህ ውሃ የሚፈላው በ94 ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ከባሕር ጠለሉ 6 ዲግሪ ዝቅ ብሎ። ያ 6 በፋራናይት 10.8 ስለሆነ፣ ከ212 ሲቀነስ ቴርሞሜትራችሁ 201 አካባቢ ማንበብ አለበት። 6ን ስልክ ላይ የቀየረ ሰው ግን 42.8 ያገኝና 169 ይጠብቃል፤ ደህናውን ቴርሞሜትርም ተበላሽቷል ብሎ ይጥላል። 201 አካባቢ ካነበበ ሳትጠራጠሩ ወደ ማሽኑ መልሱት።