አራት ቆጥረን ሁለት ብቻ የነበረን ቀን

[ምስል፦ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ያለ የጫማ ሱቅ። ካሜራው መደርደሪያው ላይ ጥቁር የሴቶች ስኒከሮች ጋ ይቆማል።]

እንደምን ዋላችሁ! ዛሬ የማሳያችሁ እኔንና እህቴን ደንበኛ ፊት ያሳፈረንን ስህተት ነው። የጫማውን ብር ተቀብለናል፣ ጫማው ግን የለም። በማግስቱ በጠዋት መርካቶ ሄጄ ያንኑ ሞዴል ስፈልግ ዋልኩ፤ ሳጣው ብሩን መለስን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሱቁ ሌላ በዉኮሜርስ የሚሠራ የኦንላይን ሱቅ አለን። ያን ቀን ጠዋት ቁጥር 38 ስኒከር 7 ጥንድ ነበር፣ ድረ ገጹም 7 ይላል። ቀን ላይ ሱቅ ውስጥ 3 ሸጥን። ኦንላይን ደግሞ 2 ታዘዘ፤ ድረ ገጹ እነዚህን ራሱ ቀንሶ 5 ላይ ቆመ። የታዘዙትን ሁለቱን ግን ማታ እናሽጋቸዋለን ብለን ከመደርደሪያው አላወረድናቸውም።

[ምስል፦ የእህትየው እጅ ሳጥኖቹን ሲቆጥር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።]

ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ እህቴ ቆጠረች፤ 4 ሆነ። ድረ ገጹ ላይ 5 ስላየች 5ቱን አጥፍታ 4 ጻፈች። ቆጠራዋ ትክክል ነው። ግን ከአራቱ ሁለቱ ባለቤት አላቸው! የሚሸጠው 2 ብቻ ነበር። ሌሊቱን ሦስት ሰው አዘዘ፣ ድረ ገጹም ሦስቱንም ተቀበለ።

አሁን ሌላውን መንገድ እዩ። እህቴ የመደርደሪያውን ድምር ከምትጽፍ ሱቅ ውስጥ የተሸጠውን 3 ብቻ ብትቀንስ ኖሮ፣ ከ5 ላይ 3 ሲነሳ 2 ይቀራል። ልክ ነው። ድምር ስትጽፉ ከእናንተ በፊት ድረ ገጹ የቀነሰውን ትሰርዙበታላችሁ፤ ልዩነቱን ስትቀንሱ ግን የሱም የእናንተም ሽያጭ ይያዛል።

እኛ ይህን የምናደርገው ሱቅ ውስጥ የተሸጠውንም እንደ ትዕዛዝ በመመዝገብ ነው።

[በስክሪን፦ Orders → Add order]

ጫማውን ከነቁጥሩ ትመርጣላችሁ፣ ሁኔታውን Completed ታደርጋላችሁ፣ ታስቀምጣላችሁ። ድረ ገጹ ላይ ያለው ብዛት በራሱ ይቀንሳል። ደንበኛ እየጠበቀ ትንሽ ያሰለቻል፣ አልዋሽም። በቴሌግራም የተሸጠም በዚሁ መንገድ ይግባ።

ሁለተኛው ነገር ካርቶን ነው።

[ምስል፦ ባንኮኒው ሥር «የተሸጠ» የሚል የተጻፈበት ካርቶን።]

የኦንላይን ትዕዛዝ እንደገባ ጫማው ወዲያው ከመደርደሪያ ወርዶ እዚህ ይገባል፣ የትዕዛዙ ቁጥር ይለጠፍበታል። ያን ዕለት ይህ ካርቶን ቢኖረን እህቴ የምትቆጥረው 2 ይሆን ነበር።

እዚህ ጋ በባንክ ዝውውር የምትሸጡ ልብ በሉ። እንዲህ ያለ ትዕዛዝ ሲገባ On hold ይሆንና ቁጥሩ ይቀንሳል። ሰውየው ብር ሳይልክ ቢጠፋስ? Hold stock የሚባለው ማስተካከያ፣ ካልነካችሁት 60 ደቂቃ ነው፣ ያልተከፈለበትን ይሰርዛል፤ ግን የሚሠራው Pending payment ለሆነው ብቻ ነው። On hold ያለውን አይነካም። ጫማው ካርቶን ውስጥ ሳምንት ይተኛል፣ የሚፈልገው ሰው ደግሞ «አልቋል» ይባላል። እኛ እስከ ማግስቱ ማታ እንጠብቃለን፣ ደውለን እንጠይቃለን፣ ከዚያ Cancelled እናደርገዋለን። ድረ ገጹ ቁጥሩን ይመልሳል፤ ጫማውን ወደ መደርደሪያ መመለስ ግን የእናንተ ፋንታ ነው።

መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ ሽያጩ ደብተር ላይ ይጻፋል፣ ድረ ገጹ ግን ይህን ሳያውቅ መሸጡን ይቀጥላል። ለዚህ መጠባበቂያ አለ።

[በስክሪን፦ WooCommerce → Settings → Products → Inventory → Out of stock threshold]

ይህን 1 ብታደርጉት አንድ ጥንድ ሲቀር ድረ ገጹ «አልቋል» ይላል። ለሁሉም እቃ በአንድ ላይ ስለሚሠራ ከየቁጥሩ አንድ አንድ ብቻ ለያዘ ሱቅ አይሆንም፤ ምንም አይሸጥለትም። ለእኛ ግን ተስማምቶናል፤ የመጨረሻው ጥንድ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሁሉ የሞከረው ነው፣ ሳያየው ለሚገዛ ሰው ባይላክ ይሻላል።

እሁድ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት እንቆጥራለን። ካርቶኑን ትተን መደርደሪያውን ብቻ። ድረ ገጹ ከመደርደሪያው ከበለጠ ሳይመዘገብ የወጣ ጫማ አለ። መደርደሪያው ከበለጠ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ካርቶኑ ያልወረደ ትዕዛዝ እንፈልጋለን፣ ቀጥሎ ከመርካቶ መጥቶ ያልገባ እቃ። ሌላም አለ፤ 38 በአንድ ጎድሎ 39 በአንድ ከተረፈ ሌባ አትፈልጉ። ስትመዘግቡ ቁጥሩን ተሳስታችሁ ነው የመረጣችሁት።